ሁለት ግራ ጫማ፦ ስኒከር በሰያፍ ሲታይ

ጥያቄውን ያነሳው ፒያሳ አካባቢ ስኒከር የሚሸጥ ወጣት ነው። እኛ የኦንላይን ነጋዴዎችና ፎቶ አንሺዎች በምንጨቃጨቅበት መድረክ ላይ ለጠፈው። እስካሁን 21 ምላሽ ገብቶበታል። ግማሹ ስለ ጫማ ነው፤ ግማሹ ስለ ሰው ጠባይ። ያላነበባችሁት ካላችሁ ፍሬ ነገሩን እነሆ።

የፒያሳው ልጅ፣ መድረኩ ላይ የሚጽፈው በዚህ ስም ነው፣ ነጭ የቆዳ ስኒከር አስገብቷል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው አረንጓዴ፣ መብራቱ ቢጫ። እዚያ ውስጥ የተነሳ ነጭ ጫማ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ስለዚህ ጫማውን በስልኩ ከጎን ያነሳና ፎቶውን ምስል ለሚሠራ ኤአይ ይሰጠዋል። የሚፈልገው አንድ አቀማመጥ ነው። የፊቱ ጫማ ቆሞ በሰያፍ ይታይ፤ አፍንጫውም ጎኑም አንድ ላይ ይውጡ። ሁለተኛው ከኋላ ተደግፎ የሶሉን ጥርስ ያሳይ። ከጎን ብቻ ሲያሠራው ምንም አይልም፤ ጥሩ ይወጣል። ሰያፍ ሲሆን ግን ማሰሪያው ይተበተባል፣ ስፌቱ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ አንድ ደንበኛ ጫማው ይኼው ራሱ ነው ወይ ብሎ ጠይቆት አሳፍሮታል። ሦስት ምስሎች አያይዞ የጠየቀው ምን ብሎ ቢጽፍለት እንደሚስተካከል ነው።

1ኛው ምላሽ የመጣው ወዲያው ነው። ጸሐፊው ትዕዛዙን አርዝምለት ባይ ነው። ማሰሪያው እውነተኛ፣ ስፌቱ ጥርት ያለ፣ ምስሉ 8ኬ ይሁን ብለህ ጻፍ አለው። ልጁ ግን ይኼን ሁሉ ቀድሞ ጽፎት ነበር፤ ከምስሎቹ ሥር ይነበባል። ስፌት ጥርት ይበል ብሎ ማዘዝ ያው ያልሆነውን ስፌት ጥርት አድርጎ ከማሳየት አያልፍም።

2ኛው ምላሽ ጥያቄውን ጭራሽ አልተረዳም። ጸሐፊዋ ልጁ ማሰሪያ ማሰር አቅቶት የጠየቀ ነው የመሰላት። አይዞህ ብላ በትዕግሥት አስረዳችው። ማሰሪያው ከታች፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል፣ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች እየተሻገሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ከላይ የሚያልፈው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የመጣው ይሁን፤ አለዚያ ያምርብኛል ብለህ አትልፋ። አንዳንዱ ሳቀባት። ኋላ ላይ ግን ትልቁ ክርክር የቆመው እሷ በጻፈችው ላይ ነው።

3ኛውን የጻፈው ካሜራ ሰው ነው። ሠርግም ምርትም ያነሳል፤ ቢሮው ካዛንቺስ እንደሆነ በየአጋጣሚው ይነግረናል። የእሱ ፍርድ አጭር ነው፦ ጥፋቱ የኤአይ ሳይሆን የስልኩ ነው። በስልክ ዋና ካሜራ ጫማው ላይ ተጠግተህ ስታነሳ ለሌንሱ የቀረበው አፍንጫ ያብጣል፣ ተረከዙ ይኮማተራል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብለህ 2 ወይም 3 እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ አንሳ አለው። ስለ ፎቶው ያለው ልክ ነው። ያበጠ አፍንጫ ያለው ፎቶ የሰጠ ሰው ያበጠ አፍንጫ ይቀበላል። የልጁ ፎቶ ግን ከጎን የተነሳ ነው፤ ሰያፉን የፈጠረው ኤአዩ ነው። በፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር በሌንስ አይታረምም። ካሜራ ሰው ይኼን ነጥብ እስከ መጨረሻው አልተቀበለም።

4ኛው ምላሽ ላይ ጋሽ ፎርማ ገቡ። ስማቸውን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ለብዙ ዓመት ጫማ ፋብሪካ ውስጥ መጨረሻው መስመር ላይ፣ ጫማው ታስሮ ወደ ካርቶን የሚገባበት ቦታ፣ ሠርተዋል። አሁን ለልጃቸው ሱቅ ፎቶ ያነሳሉ። ማንም ጋሼ ሳይል አይጠራቸውም፤ የሚናደዱባቸውም ጭምር።

ጋሽ ፎርማ ስለ ኤአይ አንድም ቃል አልጻፉም። የመጀመሪያውን ምስል ብቻ ወስደው ከታች ወደ ላይ በጣት እንደሚከተል ሰው አነበቡት። ጫማው በአንድ ወገን 7 ቀዳዳ አለው፤ ወደ እኛ በዞረው ወገን ሁሉም ይታያሉ። እንግዲህ 2ኛዋ ጸሐፊ እንዳለችው ከታሰረ ከታች አንድ ቀጥ ያለ፣ ከዚያ በላይ 6 መሻገሪያ መኖር አለበት። ምስሉ ላይ መሻገሪያው 5 ነው። የት ጠፋ? ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ከዚያ የወጣው ማሰሪያ ወደ ማዶ እየሄደ ሳለ ከሌላው ሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የለም። አራተኛው ቀዳዳ ደግሞ ማሰሪያ ይወጣበታል፣ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሁለቱ መሐል ላይ ተዋሕደው አንድ ወፍራም ማሰሪያ ሆነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተካከሉ። በሰያፍ ሲታይ የማዶው ቀዳዳ በምላሱና በማሰሪያው ስለሚሸፈን ሁሉንም አንቆጥርም፤ እሱ ጥፋት አይደለም። ቀዳዳው ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ወደ እሱ የሚሄደው ማሰሪያ ግን ጠርዙ ጋ ደርሶ ነው መሰወር ያለበት። መሐል ሜዳ ላይ የጠፋ ማሰሪያ ከተገኘ ምስሉ ውሸት ነው።

ከዚያ ወደ ሶሉ ዞሩ። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼኛው ነው። ምስሉ ላይ የቆመው ጫማ አፍንጫው ወደ ግራችን ዞሯል፤ የምናየውም የውጭ ጎኑን ነው። እንግዲህ የግራ እግር ጫማ ነው ማለት ነው። ከኋላው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ሶሉን የሚያሳየው ጥንዱ ነውና የቀኝ መሆን አለበት። የቀኝ ጫማ ሶል ከታች ሲታይ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ከሆነ፣ የአውራ ጣቱ ወገን ወደ ቀኛችን ይውላል፤ ወደ ውስጥ የሚሰረጉደውም ወገብ እዚያው ነው። በምስሉ ላይ ሁለቱም በግራ ናቸው። ልጁ የሚሸጠው ሁለት ግራ ጫማ ነው አሉ ጋሽ ፎርማ። እጁ ላይ ያለውን ጥንድ አንስቶ እንዲያስተያይም መከሩት።

ይኼን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ጫማ ገልብጬ አየሁ። ከታች የሚታይ ሶል መሬት ላይ የቀረ ዱካ ግልባጭ ነው፤ የቀኙ ሶል የግራ እግር ዱካ ይመስላል። ምስል የሚሠራው ነገር ብዙ ዱካና ብዙ ሶል አይቷል። የትኛው የየትኛው ጥንድ እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም።

5ኛው ምላሽ የራሱ የልጁ ነው፤ ትንሽ ቆጣ ብሏል። ጋሼን አመሰገነ። ግን ቲክቶክ ላይ በአውራ ጣቱ እየገፋ የሚያልፍ ሰው መሻገሪያ አይቆጥርም አለ። ደንበኛ የሚያየው ጫማው ማማሩን ነው፤ እኔም ጫማ ሻጭ እንጂ ሙዚየም አይደለሁም አለ። እውነት አለው። ችግሩ፣ ራሱ በጥያቄው ላይ ደንበኛው መጠርጠሩን ነግሮናል። ሰው ሳይቆጥርም አንድ ነገር ልክ አለመሆኑ ይሰማዋል፤ ምኑ እንደሆነ ግን አይናገርም። ዝም ብሎ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

6ኛው ምላሽ ክርክሩን ወደ ገንዘብ አመጣው። ስታዲየም አካባቢ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የራሷን ጉዳይ ነው ያወራችው። እሷም ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ ምስል ሠርታ ነበር። ምስሉ ላይ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ አለው፤ እውነተኛው ጫማ ግን ጥርሱ የተነካካ ያህል ብቻ ነው። ገዢው መግቢያው ሴራሚክ የሆነ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ጫማውን የመረጠው በዝናብ እንዳያንሸራትተው ጥርሱን አይቶ ነበር። ሁለተኛ ቀን መልሶ አመጣው። ገንዘቡንም የመልእክተኛውንም ሂሳብ ከፈለች። ማሰሪያ ቢጣመም ሰው ይስቃል፤ ሶል ከተዋሸ ግን ዕቃው ሌላ ነው አለች። ከዚህ ወዲህ ሶሉን በፎቶ ብቻ ታሳያለች። ለእኔ የውይይቱ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከ7 እስከ 10 ያለው መንገድ ስቷል። 7ኛው፣ ልጁ የሚሸጠው ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ ብሎ ጠየቀ። 8ኛው ምን አገባህ አለው። 9ኛው ስፌቱ ሶሉ ጎን ላይ ከሌለ ኮፒ ነው፣ እኔን ጠይቁኝ አለ። ይኼ ግማሽ እውነት ነው። ጋሽ ፎርማ በ10ኛው ላይ ሳይቆጡ አረሙት። ሶሉ ጠርዝ ኖሮት ቆዳውን ከታች የሚያቅፍ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ይሰፋል። በ1982 የወጣው የናይኪ ኤር ፎርስ 1 እንዲህ ነው፤ ጎኑ ላይ የሚዞረው ስፌት ይታያል። የኮንቨርስ ቸክ ቴይለር ዓይነቱ ደግሞ ጎኑ ላይ የጎማ ጥብጣብ ይጠቀለልበትና በሙቀት ይያያዛል። እዚያ ጎን ላይ ስፌት ቢታይ ነው የሚያስደነግጠው።

ይኼ ለምስሉም ይጠቅማል፤ ጋሽ ፎርማ ራሳቸው ናቸው ያገናኙት። ኤአይ ሁለቱን ዓይነት ያደባልቃል። በልጁ ሁለተኛ ምስል ላይ የጎኑ ስፌት ከተረከዙ ተነስቶ በትክክል ይመጣል። መሐል ላይ ሲደርስ ግን ቀስ ብሎ ወደ ቆዳው ይወጣል፤ አፍንጫው ጋ ሶሉ ስፌት የሌለው ጥብጣብ ሆኖ ያልቃል። በእውነተኛ ጫማ ያ ስፌት በሶሉ ላይ በተሠራች ቦይ ውስጥ ስለሚሄድ ከሶሉ የላይኛው ጠርዝ ያለው ርቀት ዙሪያውን አንድ ነው። አፍንጫው ላይ ሲዞር የሚለወጠው የስፌቱ አታያይ ብቻ ነው፤ ከእኛ ሲዞር ነጠብጣቦቹ ተቀራርበው ይታያሉ። በምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተራርቀው ከተደረደሩ፣ ጫማው ዞሮ ስፌቱ አልዞረም ማለት ነው።

11ኛውን የጻፈው ፒክስል የሚባለው ነው። አራት ኪሎ የሚማር ይመስለኛል፤ ሌሊት ነው የሚጽፈው። ለምን እንደዚህ ይሆናል የሚለውን የመለሰ እሱ ብቻ ነው። በስሌት ነው የመጣው፤ ስሌቱ ቀላል ነው።

ምስሉ 1024 ፒክስል ስፋት አለው እንበል። ጫማው ከዚያ 800 ያህሉን ይይዛል። ጫማው ከአፍንጫ እስከ ተረከዝ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ ሴንቲ ሜትር 27 ፒክስል ገደማ ይደርሳል። በአንድ ሴንቲ ሜትር 3 ስፌት ካለ አንዱ ስፌት ከክፍተቱ ጋር 9 ፒክስል ነው። ጫማው በሰያፍ ሲዞር ደግሞ ያጥርና ወደ 7 ይወርዳል። እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ያሉት ሞዴሎች ምስሉን የሚሠሩት ጨምቀው ነው፤ 8 በ8 የሆነ የፒክስል መደብ ለእነሱ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ስፌት በአንድ ነጥብ ውስጥ ይገባል። ሞዴሉ ስፌቱን አይሰፋውም፤ ስፌት የመሰለ ነገር ያለብሰዋል። የማሰሪያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ማሰሪያው ሰፊ ስለሆነ ፒክስል አያንሰውም። ግን ማሰሪያ ከታች እስከ ላይ አንድ ገመድ መሆኑን ማንም አልነገረውም። እያንዳንዱን መሻገሪያ ለየብቻው አሳምሮ ይሠራል፤ ከቀጣዩ ጋር መገናኘቱን ግን አያረጋግጥም።

ልጁ በ12ኛው ምላሽ ይኼን በአማርኛ ንገረኝ አለው። ተቆጥቶ አይመስለኝም፤ ግን ፒክስል ተቀየመ። ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

13ኛው የካሜራ ሰው ነው፤ የተሳለ ምላስ ይዞ ተመለሰ። ይኼ ሁሉ ስሌት አንድ ፎቶ ለማንሳት ስንፍና ነው አለ። ንግግሩ ሸካራ ነው። የጻፈው አሠራር ግን ከመድረኩ ሁሉ የተሻለ ስለሆነ ዘርዝሬ አስቀምጠዋለሁ።

ሱቁ በር ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታበት ቦታ፣ ነጭ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋና ጫፉን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፤ ማጠፊያው እንዳይሰበር። ጫማው ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቅ፤ ባዶ ከሆነ ምላሱ ይጎብጣል፣ ቆዳውም ይሸበሸባል። ማሰሪያውን ፈተህ እንደገና እሰረው፤ ጠፍጣፋው ሳይጠመዘዝ ይተኛ፤ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ደብቃቸው። አፍንጫውን ከጎን ወደ አንተ 40 ዲግሪ ያህል አዙረው። ከዚያ በላይ ካዞርከው አፍንጫው ብቻ ይገዝፋል፤ ከዚያ ካነሰ ከጎን ያነሳኸው ይመስላል። ካሜራው ከጫማው አፍ ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል። ከላይ ቁልቁል ካየኸው የጎኑ ሶል ይጠብና ስፌቱ አይታይም።

የሁለተኛው ጫማ ሶል የራሱ ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃኑ ፊት ለፊት ከመጣበት ጥርሱ ይጠፋል፤ ጥላ የለውምና። ብርሃኑ ከጎን ሶሉን ጫር አድርጎ እንዲያልፍ አዙረው፤ ያኔ እያንዳንዱ ቦይ የራሱን ጥላ ይጥላል። ጫማውን ከኋላ በውኃ ፕላስቲክ ደግፈው፤ እንዳይንሸራተት ከተረከዙ ሥር ትንሽ ፕላስቲሊን አድርግ። ነጭ ስፌት በነጭ ቆዳ ላይም እንዲሁ ነው። የቀለም ልዩነት ስለሌለው የሚታየው በጥላው ብቻ ነው። ነጭ ሶል በነጭ ካርቶን ላይ ጠርዙ ከጠፋብህ፣ ከፎቶው ክልል ውጭ በጎን በኩል ጥቁር ወረቀት አቁም። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል።

14ኛው የስታዲየሟ ነጋዴ ናት። የሱቋ በር ላይ ሰው ስለሚተላለፍ ካርቶን መዘርጋት አይሆንላትም። ጠዋት ሳይከፈት ታነሳለች። ካሜራ ሰውን አንተ ስቱዲዮ ስላለህ ነው የምትፎክረው ብላ አለፈችው።

15ኛው ላይ ጋሽ ፎርማ ማስታረቂያ አመጡ። ጫማውን በፎቶ አንሳ፤ ኤአዩ የሚሠራው ጀርባውን ብቻ ይሁን። የልጁ ቅሬታ ግድግዳውና መብራቱ አይደል? ጫማውን አትንካ በለው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ አሉ፤ በልጃቸው ሱቅ የደረሰ ነው። ብዙ አፖች ጀርባውን ብቻ ቀየርኩ ብለው ጫማውንም በዚያው ይነካኩታል። የመሻገሪያ ቁጥር አይለወጥም፤ የስፌቱ መስመር ግን ይለሰልሳል፣ የሶሉ ቦይ ቁጥሩ ይቀንሳል። የሚታወቀው ሁለቱን ምስሎች አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጦ እያበሩ እያጠፉ ሲያዩ ነው። ጫማው ላይ የተነቃነቀ ነገር ካለ ነክቶታል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ፎቶ ጫማውን ብቻ ቆርጦ በአዲሱ ጀርባ ላይ መመለስ ነው።

16ኛው ላይ ፒክስል ኩርፊያውን ትቶ መጣ። ኮምፒዩተር ላለው ሰው ሌላ መንገድ አለ አለ፤ ሰያፉን ኤአይ እንዲሠራ ለሚፈልግ። የተበላሸውን የማሰሪያ ቦታ ብቻ ምረጥ። በሚጠቀምበት ፕሮግራም ላይ `Inpaint area` የሚለውን `Only masked` ላይ ታደርገዋለህ። ያኔ ያቺን ቁራጭ አጉልቶ ለብቻዋ ይሠራትና ወደ ቦታዋ አሳንሶ ይመልሳታል። ቁራጯ አራት እጥፍ ከጎላች ቅድም 7 ፒክስል የነበረው ስፌት 28 ይሆናል፤ ለመስፋት የሚበቃ ቦታ ነው። ቀጥሎ `Denoising strength` አለ። ዝቅ ካደረግከው፣ 0.3 አካባቢ፣ ያለውን ያጠራል እንጂ አይለውጥም፤ የጠፋ ማሰሪያ እንደጠፋ ይቀራል። ከፍ ካደረግከው አዲስ ትብትብ ይፈጥራል። ስለዚህ አስቀድመህ ማሰሪያውን ራስህ በብሩሽ ሳለው። መስመሩ አስቀያሚ ቢሆን ግድ የለም፤ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ ትክክል ይሁን። ከዚያ 0.4 ወይም 0.5 ላይ አሠራው። መንገዱን አንተ ትሰጠዋለህ፤ እሱ ቆዳና ክር ያለብሰዋል።

ፒክስል ለማሳያ የልጁን የመጀመሪያ ምስል ወስዶ አስተካክሎ ለጠፈው። የ2ኛዋን ጸሐፊ አሠራር መስመር በመስመር ተከትሎ ነው የሳለው። ስሟን ጠርቶ አመስግኗታል፤ እሷ ግን ተመልሳ አልመጣችም። ቆጠርኩት፤ ከታች አንድ፣ ከዚያ በላይ 6። በሁሉም መሻገሪያ ላይ ከላይ የሚያልፈው ከውጭው ጎን የመጣው ነው። የማዶዎቹ ጠርዙ ጋ ደርሰው ይሰወራሉ። ሶሉ ግን ያው የግራ ነው። ፒክስል ሶሉን ገልብጦ ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር። ሲገለብጠው ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ተገለበጠ፤ ጥላውም ወደ ሌላ ጎን ወደቀ። ሶሉን በፎቶ አንሱት ብሎ ተወው።

17ኛው ምላሽ ደንበኛው ምስሉ በኤአይ የተሠራ መሆኑ ሊነገረው ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ አመጣ። ከ18 እስከ 20 በዚህ ላይ ተጨቃጨቁ። አንዱ ጀርባው ብቻ ከተቀየረ መንገር አያስፈልግም፣ ጫማው ከተነካ ግን ይነገር አለ። ካሜራ ሰው ማንኛውም ይነገር አለ፤ ለሙሽሮች ፊት የሚያለሰልሰውን ማን እንደሚነግርለት ተጠየቀና ዝም አለ። የስታዲየሟ ነጋዴ እኔ የሶሉን ፎቶ ሳላያይዝ አልሸጥም፤ የቀረው የእያንዳንዱ ሕሊና ነው ብላ ወጣች። አልተስማሙም። እኔ ከፊተኛው ጋር ነኝ፤ ግን መነካቱን ሻጩ ራሱ ካላወቀ ምን ይናገራል? የጋሽ ፎርማ የማብራት የማጥፋት ፈተና እዚህ ላይ ነው ዋጋ ያለው።

የፒያሳው ልጅ በ20ኛው ምላሽ ሥር አዲስ ፎቶ አስገባ፤ ወሬውም እዚያው ሥር ቀጠለ። ጠዋት በሩ ላይ ያነሳው ነው። ጫማው የራሱ ነው፤ ጀርባውን ብቻ ግራጫ አድርጎታል። ጋሽ ፎርማ አዩት። ማሰሪያው ደህና፣ ጥንዱም ግራና ቀኝ። የሶሉ ጥርስ ላይ ያለው ጥላ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ኤአዩ ከጫማው ሥር የጨመረው ጥላ ግን ወደ ግራ ነው። ከሁለት አቅጣጫ ፀሐይ ወጥታለች አሉት። ጥቁር የጨርቅ ስኒከርስ እንዴት ይሆናል፣ ወንፊቱም ስፌቱም አንድ ቀለም ነው ብሎ ልጁ መልሶ ጠየቀ። ካሜራ ሰው ብርሃን ጨምር አለ። ፒክስል ብርሃን ከጨመርክ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንብሃል አለ። ከዚህ በላይ የሄደ የለም።

21ኛው ምላሽ ነጩ 41 ቁጥር አለ ወይ፣ ሜክሲኮ ድረስ ይላካል ወይ የሚል ነው። ልጁ አለ ብሎ ዋጋውን በውስጥ መስመር ልኮለታል።